ምንም ሳይሰረቅ የቀረ ሱቅ፦ የሌሊት ጥበቃ ሪፖርት እንዴት ይጻፍ?

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ የሞባይልና የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ የሌሊት ጥበቃ ነኝ። ባለፈው ማክሰኞ ሌሊት በሩን ሊሰብሩ የመጡ ሰዎችን ጮኼ አባረርኩ። ምንም አልተወሰደም። ጠዋት መዝገቡ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ‹ከሌሊቱ 8 ሰዓት አካባቢ ሁለት ሌቦች ሱቁን ሊዘርፉ መጥተው ቁልፉን ሰበሩ። እኔ ደርሼ አባረርኳቸው። አንደኛው የሰፈር ልጅ ይመስለኛል። ሱቁ ሰላም ነው።› ኃላፊዬ ‹ይሄ ሪፖርት አይደለም፣ እንደገና ጻፍ› አለኝ። ውሸት አልጻፍኩም። ምኑ ነው የጎደለው?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት እንኳን አንተን ደህና አደረገህ። ሁለት ሰው በዚያ ሌሊት ብቻህን መጋፈጥ ቀላል አይደለም።

ውሸት እንዳልጻፍክ አምናለሁ። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። የጻፍከው ያየኸውን ሳይሆን ካየኸው ተነስተህ የደረስክበትን ነው። «ሌቦች»፣ «ሊዘርፉ»፣ «ሰበሩ»፣ «የሰፈር ልጅ»፣ እነዚህ ሁሉ ያንተ ድምዳሜ ናቸው። ድምዳሜህ ትክክል ሊሆን ይችላል። ግን የሚያነበው ሰው ሌሊት አብሮህ አልነበረም። መርማሪ ፖሊሱም ሆነ የሱቁ ባለቤት፣ ሱቁ ኢንሹራንስ ካለው ደግሞ የኢንሹራንሱ ሰው፣ የሚጠይቁህ አንድ ነገር ነው። ምን አይተህ ነው እንዲህ ያልከው? ሪፖርትህ ለዚያ መልስ የለውም።

ዕቃ ተሰርቆ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀላል። ሰባት ስልክ ጎደለ ይባላል፣ ደረሰኝ ይወጣል፣ ጉዳዩ በራሱ ይቆማል። ምንም ሳይወሰድ ሲቀር ግን የቀረው ማስረጃ በሩ ላይ ያለው ምልክትና ያንተ ቃል ብቻ ነው። የሙከራ ሪፖርት ከስርቆት ሪፖርት የበለጠ ጥንቃቄ የሚፈልገው ለዚህ ነው።

ሕጉም በዚሁ ላይ ነው የሚያተኩረው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 27 ስለ ሙከራ ይናገራል። በግርድፉ ስናስቀምጠው፣ ሰውየው ወንጀሉን መፈጸም ጀምሯል የሚባለው የሠራው ሥራ በቀጥታ ወደዚያ ወንጀል የሚያደርስ መሆኑ በግልጽ ሲታይ ነው። ሱቅ በር ላይ በሌሊት መቆም ሙከራ አይደለም። ፌሮ ይዞ በመንገዱ ማለፍም ገና ሙከራ አይደለም። ጓጉንቸሩን ቆርጦ፣ በሩን ፈልቅቆ፣ ሰው ሲመጣ መሸሽ ግን ሌላ ነገር ነው። «ሊዘርፉ መጥተው» የሚለው ዓረፍተ ነገርህ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ አይለይም። የተያዘ ሰው ቢኖር ጠበቃው «ዝናብ ተጠልሎ ነበር» ቢል፣ ባንተ ሪፖርት ውስጥ ይህን የሚያፈርስ በዓይንህ ያየኸው ነገር የለም። «ሁለት እጁ ጓጉንቸሩ ላይ ነበር» የሚል አንድ መስመር ቢኖር ግን ያፈርሰዋል።

ስለዚህ ከበሩ እንጀምር።

«ቁልፉን ሰበሩ» ብለሃል። የትኛውን? አብዛኛው የላሜራ በር ከላይና ከታች ሁለት ጓጉንቸር አለው፣ አንዳንዱ ደግሞ መሀል ላይ የበሩ የራሱ ቁልፍ። የትኛው ተነካ፣ የትኛው ደህና ነው? የተነካውስ ምን ሆኗል? እዚህ ላይ የመሣሪያውን ስም ለመገመት አትቸኩል። የቁስሉን መልክ ጻፍ። የጓጉንቸሩ ቀለበት ከሁለት ወገን ተጨምቆ እንደ ሽብልቅ ከሾለ በትልቅ መቁረጫ ተቆርጧል ማለት ይሆናል። አፉ ለጥ ያለ ከሆነና መሬት ላይ የብረት ብናኝ ካለ መጋዝ ወይም ግራይንደር ይሆናል። ቀለበቱ ተጣሞ ወይም የበሩ ጆሮ ከብየዳው ላይ ተገንጥሎ ከሆነ በፌሮ ወይም በዲጂኖ ተፈልቅቋል። ይህን መለየት የመርማሪው ሥራ ነው። ያንተ ሥራ «ከሁለት ወገን ተጨምቆ የተቆረጠ፣ ብናኝ አላየሁም» ብሎ መጻፍ ነው።

ሁለተኛው ነገር ምልክቱ አዲስ ነው ወይስ የቆየ? ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ላሜራ በር ላይ ሁልጊዜ የድሮ ጭረትና ጉድጓድ አለ። ጋሪ ገጭቶት ይሆናል፣ ባለቤቱ ራሳቸው ቁልፍ ጠፍቷቸው ፈልቅቀውት ይሆናል። አዲስ የተቆረጠ ብረት ያበራል። የቆየ ቁስል ዝጓል ወይም አቧራ ሞልቶታል። ልዩነቱ ግን ብዙ አይቆይም። በክረምት፣ በእርጥበት፣ ያበራ የነበረው ብረት እስከ ጠዋት ሊደበዝዝ ይችላል። ስለዚህ ሌሊቱን በስልክህ ፎቶ አንሳ። አንዱን ከሩቅ፣ በሩ በሙሉ እንዲታይ። አንዱን ከቅርብ፣ ከጎኑ እስክሪብቶ ወይም ሳንቲም ይዘህ፣ መጠኑ እንዲታወቅ። ፍላሹ ብረቱ ላይ አንጸባርቆ ምልክቱን ካጠፋው ባትሪህን ከጎን አብርተህ ድገመው። ጥልቀት ያለው ጭረት ከጎን በሚመጣ ብርሃን ነው ጎልቶ የሚታየው።

አትንካ። የወደቀውን ጓጉንቸር አንስተህ ኪስህ አትክተት። ፌሮ ተጥሎ ከሆነ እዚያው ይቆይ። ዝናብ ከመጣ ሳይነካው ባልዲ ወይም ሳፋ ድፋበት። የግድ መነሳት ካለበት መጀመሪያ ፎቶ አንሳ፣ ከዚያ ጫፉን ብቻ ይዘህ በወረቀት ወይም በካርቶን አኑረው። ፌስታል አይሆንም። ፌስታል እርጥበት ያፍናል፣ እርጥበት ደግሞ አሻራ ያበላሻል። ባለቤቱ ደንግጠው መጥተው በሩን ይነካካሉ፣ ይህ የተለመደ ነው። በትህትና «ፖሊስ እስኪያይ ትንሽ ይቆዩ» በላቸው። ከነኩም ቂም አትያዝ፣ ግን ማን፣ ምኑን፣ በስንት ሰዓት እንደነካ ጻፍ። በኋላ አሻራ ሲነሳ የማን እንደሆነ መለየት የሚቻለው እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ። «8 ሰዓት አካባቢ» አይበቃም፣ ምክንያቱም ካሜራ አለ። በእኛ ሰውና በካሜራ መካከል ደግሞ ሁለት አለመግባባት አለ።

አንደኛው ቀኑ ነው። አንተ «ማክሰኞ ሌሊት» ትላለህ። ካሜራው ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ ረቡዕ ብሎታል። መርማሪው የማክሰኞን ቀረጻ ከፍቶ 02:00 ላይ ቢፈልግ የሚያገኘው የሰኞ ለማክሰኞን ሌሊት ነው፣ ማንም የለበትም። ስለዚህ ሁልጊዜ «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ» ብለህ ጻፍ፣ ከነቀኑ። ለምሳሌ ማክሰኞ ኅዳር 9 ለረቡዕ ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም. አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8፡14። ካሜራው ይህንን 2025-11-19 02:14 ብሎ ነው የሚያሳየው።

ሁለተኛው የካሜራው ሰዓት መዛነፉ ነው። ብዙ የሱቅ ካሜራ ከተገጠመ ጀምሮ ሰዓቱን ያስተካከለለት ሰው የለም። መብራት በሄደ ቁጥርም ሊዛባ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ባለቤቱ መቅጃውን ሲከፍቱ የስልክህን ሰዓት ከስክሪኑ ጎን ይዘህ ሁለቱንም በአንድ ፎቶ አንሳ። ስልክህ 03:40 ሲል ካሜራው 03:47 ካለ፣ ካሜራው 7 ደቂቃ ይቀድማል። እንግዲያው 8፡14 ላይ የሆነው ነገር ካሜራው ላይ 02:21 ላይ ነው የሚገኘው። ይህን ልዩነት ሪፖርቱ ላይ ጻፈው፣ የካሜራውን ሰዓት ግን ማንም እንዳያስተካክል። ቀረጻው በሌላ ዕቃ ላይ እስኪገለበጥ ድረስ እንዳለ ይቆይ። መገልበጡም ይፍጠን፣ መቅጃው ሲሞላ የድሮውን እያጠፋ ነው የሚቀርጸው።

ሰዓት ስንል ደግሞ ክስተቱ ብቻ አይደለም። በሩ ደህና ሆኖ ለመጨረሻ ጊዜ ያየኸው መቼ ነው? ለእኔ ከሪፖርቱ ትልቁ መስመር ይህ ነው። 7፡30 ላይ ዙር አድርገህ በሩን በባትሪ አይተህ ደህና ከነበረ፣ የሆነው ሁሉ በ7፡30 እና በ8፡14 መካከል ነው ማለት ነው። መርማሪው አርባ አራት ደቂቃ ቀረጻ ያያል። ይህ መስመር ከሌለ ባለቤቱ ቆልፈው ከሄዱበት ሰዓት ጀምሮ ሊያይ ነው።

«እኔ ደርሼ» ብለሃል። ከየት ደርሰህ? ይህን የማነሳው ልከስህ ብዬ አይደለም። የሚያነበው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለሆነ ነው። ከሕንፃው ጀርባ ዙር ላይ ነበርክ? ሽንት ቤት ሄደህ ነበር? ጥበቃ ቤት ውስጥ ተቀምጠህ ነበር? የትም ብትሆን ጻፈው። ብዙ ጠባቂ ይህችን ቦታ ዘሎ ያልፋል፣ እንቅልፍ ወሰደው እንዳይባል ፈርቶ። ፍርሃቱ ይገባኛል፣ እንጀራ ነው። ግን ካሜራው ቦታህን ያሳያል። የዘለልካት አንዲት መስመር ስትገኝ የቀረው እውነትህ ሁሉ ይጠረጠራል። እንዲያውም በዚህ ሥራ ጥፋት ባልሠራ ሰው ላይ ጥርጣሬ የሚመጣው፣ «ከውስጥ ሰው አለበት» የሚባለው፣ ብዙ ጊዜ ከእንዲህ ዓይነቱ ክፍተት ነው።

ተከትለህ ሮጠህ ከሆነም ጻፍ፣ ስንት ሜትር፣ ሱቁ ስንት ደቂቃ ያለ ሰው እንደቆየ። ዱላ ሰንዝረህ ወይም ድንጋይ ወርውረህ ከሆነም እንዲሁ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ እጅ ከፍንጅ የተገኘን ሌባ ማንም ሰው እንዲይዝ ይፈቅዳል፣ ከያዘ በኋላ ግን ሳይዘገይ ለፖሊስ ማስረከብ ነው ያለበት። እየሸሸ ያለን ሰው ከኋላው መምታት ራስን መከላከል ተብሎ አይታለፍም። ስለዚህ ምን እንዳደረግክና ለምን እንዳደረግክ ሌላ ሰው ከመናገሩ በፊት አንተ መናገር አለብህ።

አሁን ከሁሉ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። «አንደኛው የሰፈር ልጅ ይመስለኛል።»

እባክህ ይህን በእንዲህ ዓይነት አጻጻፍ አትተወው። መዝገቡን የቀን ተረኛው ያነበዋል፣ ባለቤቱ ያነበዋል፣ እስከ ምሳ ሰዓት ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል። ከዚያ የአንድ ልጅ ስም ይነሳል። ልጁ ያን ሌሊት ቤቱ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። በሌሊት፣ በመንገድ መብራት፣ ከኋላ የታየን ሰው በእርግጠኝነት ማወቅ በጣም ከባድ ነው። ሰው ሲደነግጥ ደግሞ ዓይኑ ፊት ላይ ሳይሆን የተያዘው ብረት ላይ ነው የሚያርፈው።

ይልቅ እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ የታየህበትን ሁኔታ ጻፍ። ርቀቱ ስንት ነው፣ ብርሃኑ ከየት ይመጣ ነበር፣ ለስንት ሰከንድ አየኸው፣ ከፊት ነው ከኋላ? ከዚያ ያየኸውን፣ ልብሱን፣ ቁመቱን ከበሩ ወይም ከአንተ ቁመት ጋር አስተያይተህ፣ አረማመዱን። ፊት ካላየህ «ፊት አላየሁም» ብለህ በግልጽ ጻፍ። ይህ ድክመት አይደለም፣ የቀረውን ቃልህን የሚያስከብር መስመር ነው። የምታውቀው ሰው መስሎህ ከሆነ ደግሞ ስሙን መዝገቡ ላይ ሳይሆን ቃልህን ለሚቀበለው መርማሪ በቀጥታ ተናገር፣ ምን እንዳስመሰለህ ጭምር። ድምፁ ነው? አካሄዱ ነው? ከዚያ ማጣራት የሱ ፋንታ ነው።

ከመጻፍህ በፊት ከጓደኛ ጋር ብዙ አታውራ። አንዱ «እንትና እኮ ነው፣ ማታ ሲዞር አይቼዋለሁ» ይልሃል፣ ሌላው ፎቶ ያሳይሃል። ከዚያ በኋላ አንተ ያየኸውና ሌሎች የነገሩህ ይቀላቀላል፣ ራስህም መለየት ያቅትሃል። መጀመሪያ ጻፍ፣ ከዚያ አውራ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ይዞ ሪፖርቱ ምን ይመስላል? ከታች ያለውን ለምሳሌ ጽፌዋለሁ። በጥያቄህ ውስጥ የሌሉትን ዝርዝሮች ከራሴ ነው የሞላሁት፣ ስለዚህ አትገልብጠው። አጻጻፉን ብቻ ተመልከት።

«ማክሰኞ ኅዳር 9 ለረቡዕ ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም. አጥቢያ። ባለቤቱ ከምሽቱ 3፡10 ላይ በሩን በሁለት ጓጉንቸር ቆልፈው ሲሄዱ አይቻለሁ። ከሌሊቱ 7፡30 ላይ ዙር ሳደርግ በሩን በባትሪ አየሁ፣ ሁለቱም ጓጉንቸሮች ደህና ነበሩ።

ከሌሊቱ 8፡14 ላይ ከሕንፃው ጀርባ ውሃ ታንከሩ አጠገብ ሳለሁ ብረት ከብረት ሲጋጭ የሚመስል ድምፅ ሁለት ጊዜ ሰማሁ። ሰዓቱን በስልኬ አየሁ። በግራ በኩል ዞሬ ወደ ፊት ስመጣ፣ ከበሩ 15 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ሆኜ ሁለት ሰዎች አየሁ። አንደኛው በሩ ሥር ተንበርክኮ ሁለት እጁ የታችኛው ጓጉንቸር ላይ ነበር። ረጅም ነገር ይዟል፣ ምን እንደሆነ አልለየሁም። ሁለተኛው አስፋልቱ ዳር ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ቆሟል። ብርሃኑ የመንገድ መብራት ብቻ ነበር። ፊሽካ ነፋሁ፣ ‹ማነው!› ብዬ ጮህኩ። ሁለቱም በቀኝ በኩል ሮጡ። ያየኋቸው ለአምስት ሰከንድ ያህል ነው። ፊታቸውን አላየሁም። ተንበርክኮ የነበረው ቆብ ያለው ጥቁር ጃኬት ለብሷል፣ ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል፣ ሲሮጥ ግራ እግሩን ይጎትታል። ሌላው አጠር ያለ ነው፣ ነጣ ያለ ሹራብ ለብሷል። እስከ መታጠፊያው 30 ሜትር ያህል ተከትዬ ተመለስኩ። አልደረስኩባቸውም፣ ማንንም አልመታሁም። ሱቁ ያለ ሰው የቆየው አንድ ደቂቃ ያህል ነው።

8፡17 ላይ ለፖሊስ 991 ደወልኩ፣ 8፡19 ለኃላፊዬ፣ 8፡21 ለባለቤቱ። የላይኛው ጓጉንቸር ቀለበት ከሁለት ወገን ተጨምቆ ተቆርጦ መሬት ላይ ወድቋል፣ የተቆረጠው ቦታ ያበራል። የታችኛው እንደተቆለፈ ነው፣ ቀለበቱ ላይ አዲስ ጭረት አለ። የላሜራው ቀኝ ጠርዝ በጉልበቴ ቁመት ላይ ወደ ውጭ ተጣሟል፣ ክፍተቱ ሁለት ጣት ያስገባል። በሩ አልተከፈተም። ደረጃው ሥር ክንድ ተኩል የሚሆን ፌሮ ወድቋል። ከዚህ በፊት እዚያ አላየሁትም። አልነካሁትም። በስልኬ ፎቶ አንስቻለሁ። ባለቤቱ 8፡45 ደርሰው የታችኛውን ጓጉንቸር በቀኝ እጃቸው ነክተዋል። ፖሊስ 9፡05 ደርሶ ፌሮውንና የተቆረጠውን ጓጉንቸር ወስዷል።»

እይ፣ «ሌባ» የሚል ቃል የለበትም። «ሊዘርፉ» የሚልም የለም። ግን አንብቦት የሚጠራጠር ሰው አይኖርም። ርቀትና ሰከንድ ላይ «ያህል» እንዳልኩም አስተውል። ግምት የሆነውን ግምት ማለት ነው፣ በስልክ ያየኸውን ሰዓት ግን ያለ «ያህል» ጻፍ። የስልክ ሰዓቶቹን ከፈለግህ የጥሪ ዝርዝርህ ላይ ታገኛቸዋለህ፣ ሳትሰርዝ ፎቶ አንሳቸው።

ፖሊስ ጣቢያ ቃል ስትሰጥ የተጻፈው ተነቦልህ ነው የምትፈርመው። «ይመስለኛል» ያልከው «እርግጠኛ ነኝ» ተብሎ ከተጻፈ ከመፈረምህ በፊት ይስተካከልልኝ በል። መብትህ ነው።

የቀረው ነገር ያ የመጀመሪያው ጽሑፍህ ነው። ኃላፊህ «እንደገና ጻፍ» ያለህ ገጹን ቀደህ ከሆነ፣ እሺ አትበል። ጠዋት የጻፍከው እንዳለ ይቆይ፣ ላዩ ላይ ፍሉድ አታድርግበት፣ ቀኑንም ወደ ኋላ አትመልስ። ከሱ ቀጥሎ ባለው ገጽ «ተጨማሪ ሪፖርት» ብለህ የዛሬን ቀንና ሰዓት ጻፍ፣ ዝርዝሩን አስፍር፣ ከሰዓቶቹ የትኛውን ከስልክህ እንዳገኘህና የትኛውን በማስታወስ እንደጻፍክ ለይ። የማታስታውሰውን ባዶ ተወው። በምትጽፍበት ጊዜ የተሳሳተ ቃል ካለ አንድ መስመር ብቻ አስምርበት፣ የድሮው እየተነበበ፣ ጎኑ ላይ ፈርም። ኃላፊህ በዚህ ካልተስማማ፣ ገጹ የተቀደደ መዝገብ መርማሪ እጅ ቢገባ መጀመሪያ የሚጠየቀው አንተ ሳትሆን እሱ መሆኑን በአክብሮት ንገረው። ባለቤቱንም ስለ ካሜራው ዛሬውኑ አነጋግራቸው፣ ያ ሌሊት ከመቅጃው ላይ ሳይጠፋ።